ዝንጀሮ ጠባቂው ሮቨር ሁለተኛው ሌሊት ላይ ለምን ይጠፋል?

ጥያቄውን በአንድ የኢንተርኔት መወያያ መድረክ ላይ የለጠፈው «የበቆሎው ልጅ» የሚል ስም የያዘ ተሳታፊ ነው። ወሊሶ አጠገብ የቤተሰቡ የበቆሎ ማሳ አለ። ዝንጀሮ አላስቀምጥ ስላላቸው ባለ አራት ጎማ ሮቨር ሠራ። ላዩ ላይ ራስበሪ ፓይ 5 የሚባል ትንሽ ኮምፒውተር፣ ካሜራ፣ በሲም የሚሠራ ሞደምና ድምፅ ማጉያ አለ። ካሜራው ዝንጀሮ ሲለይ ሮቨሩ ወደዚያው ይነዳል፣ ይጮኻል፣ ለአባቱም መልእክት ይልካል። ባትሪው 12.8 ቮልት፣ 20 አምፔር ሰዓት የሆነ ሊቲየም ፎስፌት ነው። ጀርባው ላይ 50 ዋት ፓነል ተጭኗል።

ግንቦት ላይ ቅዳሜና እሑድን ሙሉ ሞክሮት ምንም አላለም። ነሐሴ ሲገባ ግን ነገሩ ተበላሸ። ባትሪው ጢም ብሎ ሞልቶ ወጥቶ፣ በሁለተኛው ሌሊት 7 ሰዓት አካባቢ ሮቨሩ ድምፁ ይጠፋል። ልጁ የጠረጠረው ምስል የሚለየውን ሞዴል ነው። ሞዴሉን ኢንት8 ወደሚባለው ቀለል ያለ ቅርጽ ቢያወርደው ባትሪው ይበቃው እንደሆነ ነው ጥያቄው።

1. የመጀመሪያው መላሽ ጨዋ ሰው ነው። እንኳን ደህና መጣህ ብሎ ጀመረና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፦ ከባትሪው ላይ ምን ያህል ዋት እንደሚወጣ ለክቶ ያውቃል ወይ? ከፓይው በኩል ሳይሆን ከባትሪው በኩል፤ ምክንያቱም ከ12 ወደ 5 ቮልት የሚያወርደው መቀየሪያም የራሱን ድርሻ ይበላል።

2. ልጁ ለክቷል። እኔ እዚህ ጋ ነው የወደድኩት፤ ብዙ ጠያቂ እዚህ ላይ ይጠፋል። ቆሞ ምስል ሲለይ፣ ሞደሙንም ጨምሮ፣ ከባትሪው 11 ዋት ይወጣል። ሲነዳ በዚያ ላይ 35 ዋት ይጨምራል። በቀን ተደማምሮ ግማሽ ሰዓት ያህል ይነዳል።

3. «ባትሪ ቤት» የሚባለው ተሳታፊ ገባ። የመኪናና የሶላር ባትሪ ሲጠግን ዓመታት እንዳሳለፈ ከጽሑፉ ያስታውቃል። ባትሪ ከግማሽ በታች ከወረደ ይሞታል፣ ስለዚህ ያለህ 20 ሳይሆን 10 ነው አለው። መፍትሔውም ሁለተኛ ባትሪ መግዛት ነው። ደግሞ ቮልቱን በቴስተር እያየህ ስንት እንደቀረው እወቅ ብሎ መከረው።

4. ክሩን መልክ ያስያዘው «ዋት ቆጣሪ» ነው። ቁጥር 3ን በአክብሮት ነው ያረመው። የግማሹ ደንብ ለአሲዱ ባትሪ ልክ ነው፤ ፎስፌት ግን አብዛኛውን ጉልበቱን ቢሰጥም አይጎዳም። የቴስተሩ ምክርም ለዚህ ባትሪ አይሆንም። ፎስፌት ሞልቶ ከተረጋጋ በኋላ ሊያልቅ እስኪቃረብ ድረስ ከ13.0 እስከ 13.3 ቮልት ባለው ጠባብ ክልል ይቆያል። ከዚያ በድንገት ይወድቃል። ስለዚህ የገባውንና የወጣውን አምፔር የሚለካ ሰሌዳ፣ ለምሳሌ አይኤንኤ226 ዓይነት፣ እና ንባቡን እየደመረ የሚይዝ ፕሮግራም ያስፈልገዋል።

ከዚያ ወጪና ገቢውን አሰላ። 11 ዋት በ24 ሰዓት 264 ዋት ሰዓት ነው። ሞተሩ ወደ 18። ድምሩ 282።

ገቢው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል ይላል። ፓነሉ 50 ዋት የሚሆነው በ18 ቮልት 2.8 አምፔር ሲሰጥ ነው። የልጁ ቻርጅ ኮንትሮለር ግን ርካሹ ፒደብሊውኤም ነው። እሱ ፓነሉን በቀጥታ ባትሪው ላይ ነው የሚያገናኘው፤ ስለዚህ ፓነሉ ወደ 13.3 ቮልት ተጎትቶ ይወርዳል። 2.8 በ13.3 ሲባዛ 37 ዋት ነው። የቀረው 13 ዋት ከመጀመሪያውም አልተመረተም። የነሐሴን ደመናማ ቀን እንደ 4 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ብንቆጥረው 148 ዋት ሰዓት ይሆናል። ለአቧራ፣ ለሽቦና ለፀሐይ አቅጣጫ 15 ከመቶ ሲቀነስ 126 ይቀራል። ወጪው 282፣ ገቢው 126።

ቀጥሎ ያደረገው ነው የማረከኝ። የሮቨሩን መሞቻ ሰዓት በወረቀት አወጣው። ባትሪው ሲሞላ 256 ዋት ሰዓት ይይዛል። መጀመሪያው ቀን 150 አውጥቶ 126 ያስገባል፤ ማታ 12 ሰዓት ላይ 232 ይቀረዋል። ሌሊቱ 132 ይወስዳል፤ ጠዋት 100። ሁለተኛው ቀን እንደገና 24 ያጎድላል፤ ማታ 76። 76ን ለ11 ስታካፍለው ወደ 7 ሰዓት ይሆናል። ከማታ 12 ሰዓት 7 ሰዓት ስትቆጥር ልጁ የጻፈው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ትደርሳለህ።

የግንቦቱም ተፈታ። ሰማዩ ጥርት ሲል በ5 ሰዓት ተኩል ሙሉ ፀሐይ ገቢው ወደ 174 ይጠጋል። ያኔም ወጪው ይበልጣል፤ ግን ባትሪው የሚያልቀው ሦስተኛው ማታ ላይ ነው። ሙከራው ደግሞ እሑድ ማታ አበቃ።

5. «ድንች ገበሬ» የራሱን ጉድ ይዞ መጣ። የሱ ጠላት ጃርት ነው። ጃርት በሌሊት ነው የሚመጣው። ሮቨሩ በጨለማ ያያል ወይ፣ ድንጋይስ መወርወር ይችላል ወይ ብሎ ጠየቀ። ስለ ባትሪ አንድም ቃል የለም። አንድ ሰው ብቻ በጨዋነት መለሰለት፦ ለጨለማ ኢንፍራሬድ መብራት ያስፈልጋል፣ እሱም ብቻውን ብዙ ዋት ስለሚጠጣ ሒሳቡ ሁሉ ይለወጣል። ስለ ድንጋዩ ማንም አልመለሰም።

6. የቀጣዩ ተሳታፊ መልስ አጭርና ቆጣ ያለ ነው። ከቁጥር 5 ተነሥቶ ልጁን ጠየቀው። ጃርት በሌሊት ይመጣል፤ ዝንጀሮስ? ዝንጀሮ ሲመሽ ገደሉ ላይ ወጥቶ ይተኛል። ታዲያ ሮቨሩ ከማታ 12 እስከ ጠዋት 12 ሰዓት ማንን ነው የሚጠብቀው? 132 ዋት ሰዓት ለባዶ ማሳ። ሌላው ሁሉ ወሬ ነው ብሎ ወጣ። አነጋገሩ ባይጥመኝም ነጥቡ ትክክል ነው።

7. ልጁ አልተከፋም። እሱም አስቦት ነበር፤ ግን ፓይውን ዘግቶትም ከአንድ ዋት በላይ መሳቡን አላቆመም። በዚያ ላይ ጠዋት ራሱን ችሎ አይነሣም፤ ሰው ሄዶ መጫን አለበት።

8. «ዋት ቆጣሪ» ተመለሰ። ፓይ 5 ሲዘጋ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ ከፋብሪካ ሲወጣ እንደዚያ ነው የተዘጋጀው። የማስነሻውን ቅንብር ከፍቶ ሁለት መስመር ማስተካከል ብቻ ነው የሚጠይቀው፦

```
sudo -E rpi-eeprom-config --edit

POWER_OFF_ON_HALT=1
WAKE_ON_GPIO=0
```

ከዚያ በኋላ ሲዘጋ የሚስበው ከቁጥር የማይገባ ነው። መነሣቱን ደግሞ ፓይ 5 የራሱ ሰዓት ስላለው በሱ ይሞላል። ማታ 12 ሰዓት ላይ ይህን የሚያስኬድ መርሐ ግብር ይበቃል፤ ቁጥሩ 12 ሰዓት በሴኮንድ ነው፦

```
echo +43200 | sudo tee /sys/class/rtc/rtc0/wakealarm
sudo halt
```

አንድ ማስጠንቀቂያ ጨመረ። 5 ቮልቱ ሌሊቱን ሙሉ መድረስ አለበት። መቀየሪያው ከጠፋና የሰዓቱ ትንሿ ባትሪ ካልተገጠመች፣ ፓይው ሰዓቱንም ቀጠሮውንም ይረሳል።

9. አንዲት ተሳታፊ የተረሳውን ዋናውን ጥያቄ አነሣች። ኢንት8 ይረዳል ወይ? ልጁ የለጠፈውን ኮድ አይታዋለች። በ`while True:` የሚዞር ነው፤ መሐል ላይ እረፍት የለውም። እንዲህ ዓይነቱ ትንሽ ሞዴል ፓይ 5 ላይ አንድ ምስል ለመለየት የሴኮንድ አንድ አሥረኛ ገደማ ይፈጅበታል። ሞዴሉን በእጥፍ ብታፈጥነው በሴኮንድ 10 ምስል የነበረው 20 ይሆናል፤ ፕሮሰሰሩ እንደሆነ መቶ በመቶ መሥራቱን አይተውም። ዋቱ ያው 11 ነው።

ዝንጀሮ ጥይት አይደለም ትላለች፤ ማሳ ሲገባ ተቀምጦ ነው የሚበላው። በሁለት ሴኮንድ አንድ ምስል ከበቂ በላይ ነው። ያኔ ሞዴሉ የሚሠራው ከጊዜው 5 ከመቶውን ብቻ ይሆናል። የሚቀረው ፓይው ነቅቶ በመቀመጡ ብቻ የሚወስደው ወደ 3 ዋት ነው፤ ከዚያ በታች ሞዴል በማሳነስ አይወረድም። ሞደሙም ዝንጀሮ ሲታይ ብቻ ቢበራ፣ መቀየሪያውን ጨምሮ ከባትሪው ወደ 5 ዋት ይወጣል። በ12 ሰዓት ቀን 60፣ ከሞተሩ 18 እና ከሌሊቱ ትርፍራፊ ጋር 82 ገደማ። ከ282 ወደ 82 የወረደው ሞዴሉ ሳይነካ ነው።

10. አንዱ ከሷ ቀጠለ። እንግዲያውስ በሁለቱ ሴኮንድ መሐልም ፓይውን እናጥፋው አለ። «ዋት ቆጣሪ» አልተስማማም። ፓይው ለመነሣት 20 ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል፤ በዚያ ጊዜ የሚበላው ጉልበት ግማሽ ደቂቃ ነቅቶ ዝም ብሎ ከሚበላው ጋር ይስተካከላል። ማጥፋት የሚያዋጣው በምስልና በምስል መካከል ከደቂቃ በላይ ካለ ነው። ለዝንጀሮ ደቂቃ ረጅም ነው፤ እሸቱ ተገንጥሎ ይሄዳል።

11. ከሚኒሶታ የጻፈ ወገን ደግሞ ጓሮው ስላለው የአጋዘን ካሜራ አወራ። በበረዶው ወራት ፀሐይዋ ቦግ ብላ ባትሪው ግን አልሞላ ይላል። ሊቲየም ፎስፌት ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ ከተደረገ ይጎዳል፤ ውስጡ ያለው መከላከያ ሰሌዳ ስለዚህ ይዘጋዋል። እውነት ነው፤ ግን ወሊሶ በረዶ አትሠራም ብለው ሳቁበት። አንድ የደብረ ብርሃን ሰው ብቻ ጠበቃ ሆነለት፦ ታኅሣሥ ላይ ሌሊት ውርጩን ያየ አይስቅም።

12. ከዚህ በኋላ ክሩ ትንሽ ተበላሸ። አንድ ሰው ለዚህ ሁሉ ገንዘብ ውሻ ወይም ጠባቂ ቢቀጠር ይሻል ነበር ብሎ ቀለደ። ቁጥር 6 ላይ የተቆጣው ሰውዬ ዘሎ ገባበትና ሥራ ለሚሠራ ሰው ክብር የሌለው ብሎ ሞለጨው። ቀልደኛውም አልተኛለትም። የመድረኩ ኃላፊ ሁለት መልስ አጥፍቶ ወደ ጉዳዩ ተመለሱ አላቸው። እኔን ብትጠይቁኝ ልጁ ራሱ አባቱ ቀኑን ሙሉ ማሳ ላይ እንዳይውሉ ብሎ መሥራቱን ቢነግራቸው ጭቅጭቁ ባልተነሣ።

13. አንዱ ፓነሉን በራሱ ቮልት የሚያሠራ ኤምፒፒቲ ኮንትሮለር ግዛ፣ የጠፋው 13 ዋት ይመለሳል አለው። ልጁ ተገርሞ መለሰ፦ የኔው ላይ ኤምፒፒቲ የሚል ተለጥፏል እኮ! «ባትሪ ቤት» እዚህ ላይ ክብሩን መለሰ። ገበያው እንዲህ ያለ ውሸታም ጽሑፍ በያዙ ዕቃዎች የተሞላ ነው። መለያው ቀላል ነው። ፀሐይ እያለ፣ ባትሪው ገና ሳይሞላ፣ ቴስተሩን ፓነሉ የሚገባበት ሁለት ቀዳዳ ላይ አድርግ። 17 ወይም 18 ቮልት ካየህ እውነተኛ ነው። ባትሪው ላይ ካለው ቮልት ጋር ከተቀራረበ ግን ፒደብሊውኤም ነው። ልጁ በማግስቱ ለካ፤ 13.5።

14. ቀጥሎ ፎቶ ተጠየቀና ፎቶው ሌላ ጉድ አወጣ። የካሜራው ምሰሶ ከፓነሉ ፊት ነው የቆመው፤ ጥላው እንደ ጅራፍ ፓነሉን አቋርጦ ተኝቷል። ከጀርባው ደግሞ በቆሎው ከሮቨሩ በላይ ቆሟል። ግንቦት ላይ ጉልበት አይደርስም ነበር። «ዋት ቆጣሪ» የፓነሉ ክፍሎች በአንድ መስመር የተያያዙ መሆናቸውን አስታወሰ። አንዷ ጥላ ውስጥ ከገባች የሌሎቹንም አምፔር ታንቃለች። ጥላው የፓነሉን አንድ አሥረኛ ብቻ ቢሸፍንም ገቢው በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ሊወርድ ይችላል። አላምንም ካልክ ቀትር ላይ አምፔሩን እያየህ መዳፍህን አንዷ ክፍል ላይ ጣል አለው። ልጁ አድርጎታል። ቁጥሩ ሲወድቅ የሚያሳይ ፎቶ ለጥፏል፤ ጭቃ ያለበት መዳፉም ይታያል።

ስለዚህ የቁጥር 4 ሒሳብ 126 ያለው ገቢም ለጋስ ነበር ማለት ነው። «ዋት ቆጣሪ» ይህን ራሱ ጻፈው። መሞቻው ሰዓት እንዴት ገጠመ ታዲያ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ምናልባት ሰማዩ ካሰበው ይልቅ ጠርቶ ይሆናል አለ። ይህ ነገር አልተጣራም።

15. ስለ ማዘንበል ክርክር ተነሣ። አንድ ተሳታፊ ፓነሉን ወደ ደቡብ 15 ዲግሪ አዘንብለው፣ መጽሐፉ እንደዚያ ነው የሚለው አለ። ቁጥር 9 ላይ የጻፈችው ተመለሰችና ወሊሶ ላይ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል እንደሆነች አስታወሰችው። የደቡቡ ምክር በዓመት ሲታሰብ ያስኬዳል፤ ለዚህ ወቅት ግን ተቃራኒ ነው። ደግሞም ሮቨሩ ይዞራል፤ ጠዋት ደቡብ የነበረው ከሰዓት ሰሜን ነው። በደመና ቀን ብርሃኑ ከመላው ሰማይ ስለሚመጣ ጠፍጣፋ መተኛቱ ይሻላል። ሰውዬው ዝናብ አቧራውን እንዲያጥበው ትንሽ ይዘንበል ብሎ ተከራከረ። እሱ ላይ ተስማሙ።

16. አንድ የማርስ ወዳጅ ወሬውን ወደ ሰማይ ወሰደው። እ.ኤ.አ. በጥር 2004 ማርስ ላይ ያረፈችው ሮቨር ኦፖርቹኒቲ ለ90 የማርስ ቀናት ታስባ እስከ ሰኔ 2018 በሶላር ኖራለች፤ ያበቃት የአቧራ ማዕበል ነው። ወሬው ከጉዳዩ የወጣ ይመስል ነበር፤ ግን ቁም ነገር ነበረበት። ያቺ ሮቨር ክንዷ ላይ ያለ አንድ ማሞቂያ ገና ከመጀመሪያው አልጠፋ ብሎ ባትሪዋን ይበላ ነበር፤ ለዚህ ሲሉ ሌሊት ሌሊት ሁሉን ነገር እያጠፉ ያስተኟት ነበር። ያንተስ የማይጠፋ ነገር የለህም ወይ ብሎ ልጁን ጠየቀው። ልጁ ሄዶ ለካ። ድምፅ ማጉያው ከፓይው ጋር አይጠፋም፤ ዝም ብሎም 0.6 ዋት ይወስዳል። በሌሊቱ 7 ዋት ሰዓት ነው። ትልቅ አይደለም፤ ግን አንዲት ማብሪያ ማጥፊያ ሪሌይ ይጨርሰዋል።

17. ልጁ ከቀናት በኋላ ዜና ይዞ መጣ። ሌሊቱን ይተኛል፣ በሁለት ሴኮንድ አንድ ምስል ያያል፣ ምሰሶው ወደ ጎን ተዛውሯል። ሁለተኛውን ሌሊት አልፏል። ኮንትሮለሩን ግን ገና አልቀየረም። «ዋት ቆጣሪ» ደስ አለውና ወዲያው ቀዘቀዘበት። ተከታታይ ጨለማ ቀን ቢመጣ፣ ገቢው ምንም ነው ብንል እንኳ፣ ከባትሪው 200 ያህሉን ብንጠቀም በ82 ሁለት ቀን ተኩል ይሄዳል። ለነሐሴ ይህ አያዝናናም። ሊያልቅ ሲል ራሱን በጊዜ እንዲዘጋና ባትሪው በደንብ ሳያገግም እንዳይነሣ አድርገው አለው፤ አለዚያ ጠዋት በጭላንጭል ብርሃን ተነሥቶ፣ ወድቆ፣ እንደገና ሲነሣ የሚሞሪ ካርዱን ያበላሻል።

18. የመጨረሻው ክርክር በቆሎውን የሚመለከት ነው፤ አሁንም ክፍት ነው። ቁጥር 9 ፓነሉን ከሮቨሩ አውርደህ ከማሳው ዳር ከፍ ያለ ቦታ ላይ ትከለው፣ ሮቨሩ እየመጣ ይሞላ ትላለች። ጥላ ቀረ፣ ፓነሉም ትልቅ መሆን ይችላል። «ባትሪ ቤት» የተተከለ ፓነል አንድ ሌሊት አያድርም፣ ይሰረቃል ይላል። «ዋት ቆጣሪ» ደግሞ ሌላ ነገር ያሳስበዋል። 35 ዋቱ የተለካው ግንቦት ላይ በደረቅ መሬት ነው። አሁን መሬቱ ዋልካ ሆኗል፤ ጎማው ጭቃ ጠቅልሎ ሲዞር ሞተሩ ስንት እንደሚጎትት አልታወቀም። በየቀኑ ወደ መሙያው መመላለሱ ከሚያመጣው በላይ ሊበላ ይችላል። በጭቃ ላይ የተለካ ቁጥር ሳይመጣ መልስ አልሰጥም ብሏል። ልጁ ዝናቡ ጋብ ሲል እለካለሁ ብሎ ነበር። «ባትሪ ቤት» ቀበል አድርጎ፣ ዝናቡ እየዘነበ ነው እንጂ ሲያቆምማ ምን ዋጋ አለው አለው።